የቤተሰብ ፎቶን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል አሣሣል መሥራት

ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፍራም ጥቁር መስመርና ድፍን ቀለም ያለበትን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ማንም ከሩቅ ያውቀዋል። ይህን አሣሣል ወደ ቤተሰብ ሥዕል ለማምጣት ሲሞከር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ፎቶው እንዳለ ይገለበጥና ዓይኑ ብቻ ይተልቃል፤ ወይም ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ይወጣል፣ አባትም እናትም ልጅም መልአክ ይመስላሉ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። ፎቶ መልክን የሚያሳየን በብርሃንና በጥላ ነው፤ ይህ አሣሣል ደግሞ ጥላን ትቶ ሁሉን ነገር በመስመር ይናገራል። ስለዚህ ጥላውን ስናነሣ የሰውየው መልክ አብሮ እንዳይነሣ፣ መልኩን አስቀድመን ወደ መስመር ማዛወር አለብን።

ምሳሌ የማደርገው አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ የሠራሁትን ሥዕል ነው። አምስት ሰዎች ናቸው፦ አያት፣ አባት፣ እናት፣ አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የገባች ሴት ልጅና ገና ሦስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ። ሸራው 100 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሳሎን ግድግዳ በቂ መጠን ነው፤ ከዚህ ካነሰ አምስት ፊት በወፍራም መስመር መያዝ ይከብደዋል።

በመጀመሪያ ማየት

ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ግማሽ ቀን ወስደው ሥዕሎቹን በዓይንዎ ይዩ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይሻላል፤ የቆዩ ሥዕሎችን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ከዚያ ወደ ፒያሳ ወርዶ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ወይም አራት ኪሎ አጠገብ በዓታን መሳለም ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ካልተፈቀደ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ እንዲያውም በእጅ የተቀዳ መስመር ከፎቶ ይልቅ ያስተምራል።

የሚፈልጉትን ለይተው ይሂዱ። የጎንደር ሥዕል ሁለት መልክ አለው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ድፍን ቀለም ያለው፣ የልብስ እጥፋቱ በትይዩ መስመሮች የሚታይ፣ ጥላ የሌለው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ግን ፊቱ ላይ ጥላ ይገባበታል፣ ልብሱም ለስለስ ይላል። ለቤተሰብ ሥዕል የመጀመሪያውን ይያዙ። ሁለቱን ማደባለቅ፣ ማለትም ፊቱን በጥላ አለስልሶ ልብሱን ድፍን ማድረግ፣ ጭንቅላቱን ከሌላ ሥዕል ተቆርጦ የተለጠፈ ያስመስለዋል።

በደብተርዎ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይቅዱ፦ የላይኛው የዓይን ቆብ መስመር የት ላይ እንደሚወፍር፣ ከቅንድብ የሚነሣው መስመር ሳይቋረጥ ወርዶ እንዴት አፍንጫ እንደሚሆን፣ አንገት ላይ ያሉት ቅስት መስመሮች ስንት እንደሆኑና የት እንደሚያርፉ።

ፎቶውን መምረጥና ሰዎቹን ማስቀመጥ

አንድ ፎቶ አይበቃም። የቡድን ፎቶው አቀማመጡን ይሰጣል፤ መልኩን ግን ከእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከተነሣ ፎቶ ይውሰዱ፣ ፊት ለፊት ወይም ትንሽ ዘንበል ብሎ የተነሣ ቢሆን ይመረጣል። በእኛ ምሳሌ የቡድኑ ፎቶ ላይ ልጅቷ ወደ ወንድሟ ዞራ ስለነበር አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በዚህ አሣሣል ይህ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በአንድ ዓይን በጎን የሚሣለው ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ከሓዲና ጠላት ነው። የዓድዋን ጦርነት የሣሉት ሠዓልያንም ሐበሻውን በሁለት ዓይን፣ ጣልያኑን በአንድ ዓይን አድርገውታል። ልጅቷን በጎን ብንሥላት ሥዕሉን የሚያነብ ትልቅ ሰው ሁሉ ቅር ይለዋል። ስለዚህ ፊቷን ከሌላ ፎቶ አምጥተን ሁለቱም ዓይኖቿ እንዲታዩ አዞርናት።

ሁለተኛው ችግር ትልቁ ነበር። ፎቶው ላይ ትንሹ ልጅ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጧል፣ እሷም በግራ እጇ አቅፋዋለች። ይህን እንዳለ በዚህ አሣሣል ብናወጣው ምስለ ፍቅር ወልዳ ይሆናል፤ ማንም ሰው ሥዕለ ማርያም ነው ብሎ ይሳለመዋል። ቤተሰቡ ያንን አልፈለገም፣ እኔም አላደርገውም። ልጁን ከጭኗ ማውረድ ግን አላስፈለገም፤ እመቤታችንን የሚያሳውቁትን ምልክቶች አንድ በአንድ መለየት በቂ ነበር። እመቤታችን ከቀይ ቀሚስ በላይ ሰማያዊ ካባ ትለብሳለች፤ ስለዚህ ለአያት ነጭ ነጠላ ብቻ፣ ሰማያዊ ልብስ የሚባል ምንም የለም። ሕፃኑ ጌታ ወደ እናቱ ዞሮ በቀኝ እጁ ይባርካል፤ ስለዚህ ልጁ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት እጁ ብርቱካን ይዟል። የጣቶች ምልክትን በተለይ ይጠንቀቁ። ልጆች ፎቶ ሲነሡ ሁለት ጣት ማውጣት ይወዳሉ፤ ያ በዚህ አሣሣል ቡራኬ ሆኖ ይነበባል።

አክሊለ ብርሃን ለማንም አይደረግም፤ ለሞቱ ወላጆችም ቢሆን። ለምእመናን መሣያ መንገድ ድሮም አለ። ጣና ላይ በደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሷ ተሥላለች፤ ነገር ግን ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ነው። ቤተሰቡ ቅዱሳንን አብሮ ማስገባት ከፈለገ ቦታው ይኸው ነው፦ ቅዱሱ ከላይና ከፍ ባለ መጠን፣ ቤተሰቡ ከታች አነስ ብሎ። ይህን የሚያደርጉ ከሆነ ንድፉን አስቀድመው ለንስሐ አባት ያሳዩ።

መጠንን በተመለከተ፣ ይህ አሣሣል ሰውን የሚያተልቀው በክብሩ እንጂ በርቀቱ አይደለም። ስለዚህ ፎቶው ላይ ጎንበስ ብላ ትንሽ የምትታየው አያት እዚህ ትልቋ ሆነች። ፊቷን ከግንባር እስከ አገጭ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የአባትንና የእናትን 17፣ የልጅቷን 15፣ የትንሹን 13 አደረግሁ። አያት መሐል ተቀምጣለች፣ አባት በስተግራ እናት በስተቀኝ ከኋላዋ ቆመዋል፣ ልጅቷ ከእናቷ ፊት ናት። ጭንቅላቶቹ እንዳይነካኩ ቢያንስ የ3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ የዳር መስመሩ ብቻውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ፣ በእርሳስ ሰፊ የሚመስል ክፍተት በቀለም ይጠባል።

መልኩን ወደ መስመር ማዛወር

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መለያ ይጻፉ። መለያ የሚባለው ጥላ ባይኖርም በመስመር ሊወጣ የሚችል ነገር ነው፦ የፀጉር መነሻ፣ የቅንድብ ቅርጽ፣ የአገጭ ቅርጽ፣ የጆሮ አቀማመጥ፣ ጢም፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት። «ጉንጩ ሞላ ያለ ነው» የሚለው ግን በራሱ አይበቃም፤ በመስመር ምን እንደሚሆን መወሰን አለበት። የሞላ ጉንጭ ማለት የፊቱ ዳር መስመር ከጆሮ በታች ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ አገጭ ሲመጣ ድንገት የሚገባ ነው።

ለአያት የወሰድኩት አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት፣ መሐሉ የተከፈለውን ፀጉሯንና ከአፍንጫዋ ወደ አፏ ዳር የሚወርዱትን ሁለት እጥፋቶች ነው። ንቅሳት ለዚህ አሣሣል የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ የአንገቱን ቅስት መስመሮች ተከትሎ በሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ይገባል። የፊት መጨማደድ ግን ሁሉም አይሣልም። ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ፊቱ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይመስላል።

የአባት መለያዎች ገባ ያለው ፀጉሩ፣ አጭር ጢሙና መነጽሩ ናቸው። መነጽር ከትልቅ ዓይን ጋር ይጋጫል። መነጽሩን በፎቶው መጠን ብንሠራው የተለቀው ዓይን ከውስጡ ይወጣል፤ በወፍራም ጥቁር መስመር ብንሠራው ደግሞ ከዓይን ቆብ ጋር እየተፎካከረ አራት ዓይን ያለው ያስመስለዋል። መፍትሔው መነጽሩን ከዓይኑ ጋር አብሮ ማስፋት፣ ጠርዙንም በጥቁር ሳይሆን በቡናማ፣ ከላይኛው ቆብ መስመር በቀጠነ መስመር መሥራት ነው። ቅንድቡ ከመነጽሩ በላይ ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት።

የእናት መለያ ሹሩባዋ ነው። እያንዳንዱን ጉንጉን አንድ የጥቁር ሰቅ ያድርጉት፣ በመሐሉም ቀጭን የቆዳ ቀለም ይተዉ። ጠጉር በጠጉር ለመሥራት መሞከር ይህን አሣሣል ያፈርሰዋል። የልጅቷ ወፍራምና ቀጥ ያለ ቅንድብ፣ የትንሹ ሰፊ ግንባርና ወጣ ያሉ ጆሮዎች እንዲሁ ተያዙ።

የፎቶ ፈገግታ ጥርስ ያሳያል፤ በዚህ አሣሣል ግን አፍ ዝግ ነው፣ ትንሽም ነው። ፈገግታውን ለማቆየት የአፉን ዳሮች በጥቂቱ ከፍ ያድርጉና የታችኛውን ቆብ መስመር ቀጥ ወደማለት ያቅርቡት። ሰው ሲስቅ የታችኛው ቆብ ስለሚነሣ ያ ብቻውን ፊቱን ያፈካዋል።

አሁን ዓይኑን ይለኩ። በተፈጥሮ የአንድ ዓይን ወርድ የፊት ወርድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እዚህ ወደ አንድ አራተኛ ወይም ትንሽ አለፍ ይደርሳል። የአባት ፊት 13 ሴንቲ ሜትር ወርድ ስላለው ዓይኑ 2.6 መሆኑ ቀርቶ 3.5 ሆነ፣ ቁመቱ ደግሞ ወደ 2 ገደማ። ቦታ ለማግኘት አፍንጫውን ቀጠን፣ አፉን አነስ ያድርጉ እንጂ ፊቱን አያስፉ። ፊቱን ካሰፉት መለያው ሁሉ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይጨርሱ። ከዚያ ቀላል ሙከራ አለ፦ ንድፉን ያለምንም ቀለም ለቤተሰቡ ወይም ለሚያውቃቸው ሰው ያሳዩና ማን ማን እንደሆነ ይጠይቁ። መስመሩ ብቻውን ሰውየውን ካላሳወቀ ቀለም አያድነውም፤ ወደ መለያዎቹ ይመለሱ።

ሸራውን ማዘጋጀትና ንድፉን ማስተላለፍ

ድሮ ሠዓልያኑ ብዙ ጊዜ ጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው በግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር። ለእኛም አቡጀዲ ጥሩ ነው፤ መርካቶ ከጨርቅ ተራ ወፈር ያለውን ይግዙ። አንዴ በሙቅ ውሃ አጥበው ያድርቁት፣ ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ ከመሐል ወደ ማዕዘን እየሄዱ ይወጥሩት። አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው አንድ ጊዜ ይቀቡና ይድረቅ። በላዩ ለአክሪሊክ የተዘጋጀ የሸራ ጄሶ፣ ካልተገኘ ጥራት ያለው የማያብለጨልጭ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ አንዱን በአግድም ሌላውን በቁም ይቀቡ፤ በመሐሉ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ለግንባታ የሚሸጠውን የጄሶ ዱቄት ግን አይጠቀሙ። ደርቆ ድንጋይ ስለሚሆን ሸራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሰነጠቃል።

ንድፉን ለማሳደግ ካሬ ይበቃል። ንድፉን 20 በ14 ሴንቲ ሜትር ላይ ሠርተው በ2 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይከፋፍሉት፤ 10 በ7 ካሬ ይሆናል። የ100 በ70 ሸራውን መጠን ባለው ወረቀት ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ከፍለው ካሬ በካሬ ያዛውሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት በትልቅ ወረቀት የሚያሳድግልዎ ካለ እሱም ይሆናል። ከዚያ የወረቀቱን ጀርባ በከሰል ቀብተው፣ ሸራው ላይ ለጥፈው፣ መስመሮቹን በጠንካራ እርሳስ ይጫኑ። ወረቀቱን አይጣሉት። ድፍኑ ቀለም የፊቱን ውስጥ መስመሮች ስለሚሸፍን፣ ዓይንና አፍንጫን ዳግመኛ ለማስተላለፍ ያስፈልግዎታል። ለዚህም የወረቀቱን ሁለት ማዕዘን በሸራው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ በኋላ በትክክል ቦታው እንዲመለስ።

ድፍን ቀለም

አክሪሊክ ይጠቀሙ። የብረትና የበር ዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፣ ነጩም በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ በላዩም አክሪሊክ አይይዝም።

የቀለሞቹ ቁጥር ትንሽ ይሁን፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ቡናማ፣ ለቆዳ ደግሞ ኦከር የሚባለው አፈርማ ቢጫ። እያንዳንዱን ቀለም ለሁለት ዙር የሚበቃ አድርገው ቀላቅለው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ በየመሐሉ እንደገና የተቀላቀለ ቀለም በትክክል አይገጥምም። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል፣ ከመቀባትዎ በፊት ቁራጭ ሸራ ላይ አድርቀው ይዩ።

ለቆዳ ኦከር 4 እጅ፣ ቀይ ቡናማ 2 እጅ፣ ነጭ 1 እጅ መነሻ ይሆናል። ለአምስቱም ፊትና እጅ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ይበቃል፣ ለማረሚያም ይተርፋል። ከዚህ ከፍለው ለአባት ቡናማ፣ ለልጆቹ ጥቂት ኦከር ጨምረው ይለያዩ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን ይታያል።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሂዱ፦ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው መደብ፣ ልብስ፣ ቆዳ፣ ፀጉር። መደቡን እኔ ከላይ ቢጫ፣ ከታች አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። ቢጫና ቀይ ቀለም ስስ ስለሆኑ ሥሩ ያለውን ያሳያሉ፤ በነጭ ላይ ሁለት ጊዜ ካልሸፈኑ ሦስተኛ ይጨምሩ እንጂ ነጭ ቀላቅለው አያፍዝዟቸው። በሁለት ቀለማት መሐል፣ የንድፉ መስመር ባለበት፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሳይቀቡ ይተዉ። ጥቁሩ መስመር ይሸፍነዋል፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ መንገድዎን ያሳይዎታል።

ነጭ ልብስ የሐበሻ ቤተሰብ ሥዕል ላይ ሁልጊዜ አለ፣ ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ንጹሑን ነጭ ለዓይን ነጭ ብቻ ያስቀሩት። ነጠላውና ቀሚሱ ጠብታ ኦከር የገባበት ነጭ ይሁን፣ እጥፋቱ ደግሞ በሰማያዊ ግራጫ ትይዩ መስመሮች ይውጣ። መስመሮቹ ከትከሻ ጀምረው ወደ ክርን እየጠበቡ ይወርዳሉ፣ በጉልበት ላይ ደግሞ ይከባሉ። ጥለቱን በቀይና በአረንጓዴ ትናንሽ ማዕዘኖች ይሙሉ። የአባት ኮትም እንዲሁ ነው፦ ድፍን ሰማያዊ፣ እጥፋቱ በጠቆረ ሰማያዊ።

ድፍኑ ቀለም ሲያልቅ በስልክ ፎቶ አንሥተው ጥቁርና ነጭ አድርገው ይዩት። ፊቱና መደቡ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከተዋሐዱ መደቡን ያፍኩት ወይም ያጥቁሩት። መስመር ብቻውን ያለያየዋል ብለው አይለፉት፤ ከሩቅ ሲታይ ሰውየው መደቡ ውስጥ ይሰምጣል።

መስመር

ቀለሙ ሙሉ ሌሊት ካደረ በኋላ ነው መስመር የሚጀመረው። ረጅም ፀጉር ያለው ክብ ብሩሽ፣ አንድ 6 ቁጥርና አንድ 2 ቁጥር ይያዙ። የመስመሩ ቀለም እንደ ቀጭን አጥሚት መፍሰስ አለበት፤ ከወፈረ ብሩሹ መሐል ላይ ይደርቅና መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከቀጠነ ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ቶሎ ይጠነክራል፤ በየሁለት ሦስት መስመሩ ብሩሹን ያጥቡ፣ ለቀለሙም ጠብታ ውሃ ይጨምሩ።

ሦስት ውፍረት ይበቃል፦ የሰውነት ዳር 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጥለትና የልብስ ጫፍ 3፣ ፊት ውስጥ 2። ሁሉም መስመር አንድ ውፍረት ሲሆን ሥዕሉ የልጆች ማቅለሚያ ደብተር ይመስላል። የልብስና የሰውነት ዳር ጥቁር ይሁን፣ የፊት ውስጥ መስመር ደግሞ ከቀይ ቡናማና ከጥቁር የተቀላቀለ። በተለይ ሕፃን ፊት ላይ ጥቁር መስመር ያስረጀዋል።

ሸራውን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት። መስመሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ሸራውን እያዞሩ፤ እጅዎ በትከሻ እንጂ በእጅ አንጓ አይሂድ። መስመር ማቆም ያለብዎት አንዱ ቅርጽ ከሌላው ሥር በሚገባበት ቦታ ነው፣ ለምሳሌ ክንድ ከነጠላ ሥር ሲገባ። መሐል መንገድ ላይ የቆመና የተቀጠለ መስመር እብጠቱ አይጠፋም። ከልብስ ይጀምሩ፣ እጅዎ ሲፍታታ ወደ እጆች፣ በመጨረሻ ወደ ፊት። የተሳሳተ መስመር ገና እርጥብ ሳለ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከደረቀ ደግሞ በዕቃው ያስቀመጡትን ድፍን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው እንደገና ይስመሩ።

ለፊት ወረቀቱን መልሰው ምልክቱ ላይ አስቀምጠው ዓይንና አፍንጫን ያስተላልፉ። ሁሉም ፊት ትንሽ ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ አፍንጫው የሚነሣው ከራቀው ቅንድብ ነው፤ ቅንድቡን ጀምረው ሳያነሡ ወደ ታች ይውረዱና ጫፉ ላይ ትንሽ ያጥፉት። ከዚያ ሌላኛው ቅንድብ፣ አፍ፣ ከአፍ በታች አጭር መስመር፣ ጆሮ፣ አንገት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅስት። ጉንጭ ላይ ስስ ቀይ ክብ ይበቃል።

ዓይን በመጨረሻ

የዓይኑን ነጭ ይሙሉ፣ ይድረቅ። የላይኛውን ቆብ ከውስጥ ማዕዘን ቀጭን ጀምረው መሐል ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አወፍረው ወደ ውጭ ይጨርሱት፣ ከማዕዘኑም ጥቂት ይለፍ። በላዩ ሌላ ቀጭን መስመር ለቆቡ እጥፋት ይገባል። የታችኛው ቆብ ቀጭን ነው፤ የሁለቱ ውፍረት እኩል ከሆነ ዓይኑ የተኳለ ጭምብል ይመስላል።

ብሌኑ ትልቅ ጥቁር ክብ ነው፣ የላይኛውን ቆብ መንካት አለበት። ሳይነካ መሐል ላይ ከተንሳፈፈና ከላይም ከታችም ነጭ ከታየ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል፤ በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለትም ይህ ነው። ሁሉም ሰው የት እንደሚያይ አስቀድመው ይወስኑ። የእኛ አባት ወደ ቀኝ፣ እናትና ልጅቷ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ አያት ያያሉ፤ አያትና ትንሹ ልጅ ቀጥታ ወደ ተመልካች። ይህም ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የተወሰደ ልማድ ነው፤ በዙሪያ ያሉት ዓይናቸውን ወደ መሐሉ ሰው ያዘነብላሉ።

የአንድን ሰው ሁለት ብሌኖች አከታትለው ይሥሩ፣ በብሌኑ በስተግራና በስተቀኝ የቀረውን ነጭ በወረቀት ቁራጭ እየለኩ። በአንዱ ዓይን በስተግራ 8 ሚሊ ሜትር ነጭ ካለ በሌላውም 8 ገደማ ይሁን። ፊቱ ዘንበል ስላለ የራቀው ዓይን በጥቂቱ ጠበብ ይላል፣ የነጩ ድርሻ ግን አይለወጥም። ከዚያ ሥዕሉን በመስታወት ወይም በስልክ ገልብጠው ይዩት። ዓይን የተንሸዋረረ እንደሆነ በገለበጡት ቅጽበት ይታያል፣ በቀጥታ ሲያዩት ግን ለረጅም ጊዜ ስለለመዱት ያመልጥዎታል። ለማረም ነጩን ይሙሉና ብሌኑን ብቻ እንደገና ይሥሩ፣ ቆቡን አይንኩ።

ስም መጻፍ ከተፈለገ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ልማድ ከየራሱ በላይ ይጻፋል፤ ቦታው ከንድፉ ጀምሮ መተው አለበት።

ሥዕሉ ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ የማያብለጨልጭ የአክሪሊክ ቫርኒሽ በሰፊ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ። የከሰል ቅሪት ካለ ቫርኒሹ አጭቆ ያቆሽሸዋል፣ ስለዚህ አስቀድመው በለስላሳ ላጲስ ያንሡ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይስቀሉት፣ ቀዩ ይፈዛልና። በክረምት አቡጀዲው በእርጥበት ሊላላ ይችላል፤ ከጀርባ ባለው ማዕዘን ሽብልቅ እንጨት በቀስታ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ይወጥረዋል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ከፍሬሙ አውጥተው፣ ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ካርቶን ቱቦ ላይ በመሐሉ ቅባት የማይዝ የኬክ ወረቀት አድርገው ይጠቅልሉት፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ወፍራሙ መስመር ተጨማዶ ይሰነጠቃል።